ያስተኛችሁ ሻዩ አይደለም

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች የሻይ መደርደሪያ ላይም ሆነ በዋሽንግተን የመድኃኒት መደብሮች ውስጥ ጨረቃና ኮከብ የተሣለበት ሳጥን አይጠፋም። ውስጡ የደረቀ የካሞማይል አበባ፣ አንዳንዴም የቫሌሪያን ሥር አለ። በዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ካሞማይልን ባቡነጅ ብለው ያውቁታል፤ ሲመለሱም ለእናታቸው ይዘውላት ይመጣሉ። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ችግሩን ለወዳጅ ዘመድ ሲያዋይ ቀድሞ የሚሰማውም ይኸው ነው፦ «የእንቅልፍ ሻይ ጠጣበት፤ ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳህም፣ ደግሞ በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

በዚህ ምክር ውስጥ ሦስት አባባሎች አሉ። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ስለ መጥቀምም ስለ መጉዳትም የሚነግረን ነገር የለም። «አይጎዳህም» የሚለው በአብዛኛው እውነት ቢሆንም አደገኛ ቀዳዳዎች አሉት። «በጥናት የተረጋገጠ ነው» የሚለው ግን ውሸት ነው። መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ከባልደረቦቼ አፍም ጭምር። ስለዚህ ጥናቱ ምን እንዳለ አንድ ጊዜ ከሥሩ እንየው።

ብዙ ከመዘርዘር አንዱን ጥናት ቀርቦ ማየት ይሻላል። በ2007 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ የኖርዌይ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ የተመለመሉት ከአንድ የቴሌቪዥን የጤና ፕሮግራም ተመልካቾች መካከል ነው፤ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 75 የሆነ ሰዎች በኢንተርኔት ተመዘገቡ። በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይወስዱ እንቅልፋቸውን በየቀኑ እየመዘገቡ ቆዩ። ከዚያ 405 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የቫሌሪያን ክኒን፣ ግማሾቹ ደግሞ እሱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ቫሌሪያን የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ደረሳቸው። የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም። ሁለት ሳምንት ወሰዱ፤ መመዝገባቸውንም ቀጠሉ።

ውጤቱ ሲቆጠር ቫሌሪያን ከወሰዱት መካከል 29 በመቶዎቹ እንቅልፋቸው ልብ በሚባል መጠን ተሻሽሏል። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ይኸው!» ይላል። ከመቶ ሃያ ዘጠኝ ሰው ቀላል አይደለም። ማስመሰያውን ከወሰዱት ግን 21 በመቶዎቹ ልክ እንደዚያው ተሻሽለዋል። ባዶ ክኒን ውጠው! በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ስምንት በመቶ ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን በዕጣው አጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችል ስለነበር አጥኚዎቹ የቫሌሪያን ውጤት ነው ብለው ሊቆርጡ አልቻሉም። ልዩነቱ ሊያርፍበት ይችላል ተብሎ የተሰላው ስፋት ራሱ ከዜሮ በታች ይጀምራል። በቀላል አማርኛ፣ ልዩነቱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ትንሽ ሊሆንም ይችላል።

ይህ ጥናት በተለያየ መንገድ ሲነገር ምን እንደሚመስል አስቡት። በጥናቱ ማብቂያ ላይ «በአጠቃላይ እንቅልፍህ እንዴት ሆነልህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነበር። በዚህ ጥያቄ ብቻ ቫሌሪያን የወሰዱት በ5.5 በመቶ በልጠው ተገኙ፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ መስፈርት ያልፋል። ሻጭ ሲያነበው «የኖርዌይ ጥናት ቫሌሪያን እንቅልፍን እንደሚያሻሽል አረጋገጠ» ይላል። ዋናው መለኪያ ተብሎ አስቀድሞ የተቀመጠው ግን የዕለት ተዕለቱ መዝገብ ነበር፤ እሱ አላለፈም። ብዙ ነገር ለክታችሁ ከመካከሉ አንዱ ቢያልፍ ምንም አይደንቅም። አጥኚዎቹ ይህን በግልጽ ጽፈዋል፤ የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ግን እዚያ ድረስ አያነቡም።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያስገርሙኝ ማስመሰያውን ወስደው የተሻላቸው 21 በመቶዎቹ ናቸው። ጎረቤታችሁ «ሻዩን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሕፃን እተኛለሁ» ስትላችሁ እየዋሸች አይደለም። በእርግጥ ተኝታለች። እንቅልፍ ማጣት ሞገድ አለው፤ ይከፋል፣ ይሻላል። ሰው መላ የሚፈልገው በከፋበት ሳምንት ነው፤ ከከፋው ሳምንት በኋላ የሚመጣው ሳምንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ሻይ ተጠጣም አልተጠጣም። በዚያ ላይ «ዛሬ መድኃኒት ወስጃለሁ፣ እተኛለሁ» ብሎ የተጋደመ ሰው እንቅልፉን እየጠበቀ ልቡን አያደርቅም። ለእንቅልፍ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በሽታ ማስመሰያ ክኒን ብዙም ላይሠራ ይችላል፤ በእንቅልፍ ላይ ግን ኃይለኛ ነው። ስለዚህም ነው ምስክርነት ብቻውን ምንም የማያረጋግጠው፤ ማስመሰያውን የዋጡትም ቆመው ይመሰክራሉና።

አንድ ጥናት ብቻ ይዘህ ነው የምትሟገተው ይባል ይሆናል። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ግምገማ 16 የቫሌሪያን ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 1,093 ሰዎችን አንድ ላይ አየ። የእንቅልፍን ጥራት ሳያሻሽል አይቀርም የሚል ፍንጭ አገኘ፤ ወዲያው ግን አብዛኞቹ ጥናቶች በአሠራራቸው ጉድለት እንዳለባቸው፣ ጥሩ ውጤት ያላገኙ ጥናቶችም ሳይታተሙ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ እንደሚመስል አስጠነቀቀ። በ2015 የወጣ ሌላ ግምገማ ቫሌሪያንን፣ ካሞማይልንና ሌሎች ሁለት ዕፆችን በ14 ጥናቶች፣ በ1,602 ሰዎች ላይ መረመረ፤ በየትኛውም የእንቅልፍ መለኪያ ከማስመሰያው የተሻለ ነገር አላገኘም። በ2017 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ሐኪሞች ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ቫሌሪያንን እንዳይጠቀሙ መከረ። ማስረጃው ደካማ ስለሆነ ምክሩንም «ደካማ» በሚለው ደረጃ አስቀመጠው፤ አቅጣጫው ግን «አትጠቀሙ» ነው።

ስለ ቫሌሪያን ጥናቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥሩን አሽትቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። የቫሌሪያን ሥር የላበ ካልሲ ይሸታል። ያ ሽታ አይሶቫሌሪክ አሲድ ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ሥሩ በደረቀ ቁጥርም ይበረታል። አሁን እንግዲህ አንዱ ሽታ ያለው ክኒን፣ ሌላው ሽታ የሌለው ክኒን ቢደርሰው፣ ማን ምን እንደወሰደ አይታወቅም ማለት ይቻላል? ጠንቃቃ አጥኚዎች ማስመሰያውንም ሽታ ያስይዙታል፤ ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደሉም። ሽታውን ያሸተተ ሰው «የደረሰኝ እውነተኛው ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሞላው መጠይቅ የክኒኑን ሥራ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ተስፋ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚቀርብብኝ ጠንካራው ተቃውሞ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ነው። ሊታለፍም አይገባም። ኤጀንሲው ለአንድ ዓይነት የቫሌሪያን ውህድ፣ በአልኮል ተዘጋጅቶ ለደረቀ፣ ከ400 እስከ 600 ሚሊግራም ለሚወሰድ፣ ለቀላል የነርቭ ውጥረትና ለእንቅልፍ ችግር ያገለግላል የሚል ዕውቅና ሰጥቷል። እኔ ይህ ዕውቅና ከማስረጃው በላይ ለጋስ ነው ባይ ነኝ። ግን እንዳለ እንቀበለው እንበል፤ ምን ይላል? ውጤቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል ይላል። «ዛሬ ማታ አንድ ኩባያ ጠጥቼ ልተኛ» ለሚል ሰው ይህ ምንም አይጠቅመውም። ከዚህም ሌላ ዕውቅናው ለዚያ ለተወሰነ ውህድ ነው። ሌሎቹ የቫሌሪያን ዝግጅቶች፣ ሻዩን ጨምሮ፣ ያሉት «ባህላዊ አጠቃቀም» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ዕፁ እንደሚሠራ በሰው ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ የለበትም፤ ቢያንስ ለ30 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ፣ አገልግሎት ላይ መዋሉና አጠቃቀሙ አሳማኝ መሆኑ ይበቃል። የእንቅልፍ ሻይ ሳጥን «በአውሮፓ የጸደቀ» ሲል ከዚህኛው በር የገባ መሆኑን አይነግራችሁም።

አሜሪካ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ከ1994 ወዲህ ባለው ሕግ እንዲህ ያሉ ምርቶች የሚሸጡት እንደ ምግብ ማሟያ ስለሆነ፣ ሻጩ ምርቱ እንደሚሠራ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ለማንም ማሳየት የለበትም። «እንቅልፍን ይደግፋል» ማለት ይችላል፤ «እንቅልፍ ማጣትን ያድናል» ማለት ግን አይችልም። ከዘመድ የሚላኩ የዚያ አገር ብልቃጦችን ገልብጣችሁ ብታዩ፣ በትንሽ ጽሕፈት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እነዚህን አባባሎች እንዳልገመገማቸው ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ወደ ካሞማይል ልምጣ፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚጠጣው እሱን ነውና። የካሞማይል ጠበቆች የመጀመሪያ መከራከሪያ አፒጄኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። አበባው ውስጥ አለ፤ በቤተ ሙከራ ሲታይም እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች በአንጎል ውስጥ በሚይዙት ቦታ ላይ ይያዛል። ይህ እውነት ነው። ግን በሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ከአንጎል ሕዋስ ጋር መያያዝ ሌላ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ በሆድ አልፎ፣ በጉበት ተለውጦ፣ በበቂ መጠን አንጎል ደርሶ ሰውን ማስተኛት ሌላ። የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን እንደተረጋገጠ የሚጽፉ ሰዎች መካከሉን ዘለውታል።

መካከሉን ለማየት ሰው ላይ መሞከር ያስፈልጋል። በ2011 የሚሺጋን ተመራማሪዎች እንቅልፍ የሚያጡ 34 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ የካሞማይል ውህድ 270 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ28 ቀን ሰጡ፤ ለቀሩት ደግሞ ማስመሰያ። እንቅልፍ የሚወስዳቸው ፍጥነት፣ በጠቅላላው የተኙት ሰዓት፣ ሌሊት የነቁት ጊዜ፣ በአንዱም የሚያስተማምን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን በሩን አይዘጋም፤ ግን በዚህ ላይ ቆሞ «ተረጋግጧል» ማለት አይቻልም። ሌላው ዘወትር የሚጠቀሰው በ2016 የወጣው የታይዋን ጥናት ነው፤ እሱ ውህድ ሳይሆን ሻዩን ራሱን የሞከረ ስለሆነ ለእኛ ይቀርባል። ከወለዱ በኋላ እንቅልፋቸው የተበላሸ 80 እናቶች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የካሞማይል ሻይ ጠጡ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሻይ የጠጡት በአንዳንድ መለኪያ ተሽሏቸው ተገኙ። ግን የቀሩት ምን ጠጡ? ምንም። የተለመደውን የአራስ እንክብካቤ ብቻ ነው ያገኙት፤ ካሞማይል የሌለበት ሌላ ትኩስ መጠጥ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ የተሻሻለው በካሞማይሉ ይሁን፣ ሕፃኑን ለሰው ሰጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ትኩስ ነገር በመጠጣቱ ይሁን፣ ወይስ «ተንከባከቡኝ» ከሚል ስሜት ይሁን መለየት አይቻልም። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ልዩነቱ ጠፍቷል።

ለአራሷ ያ ቁጭ ማለት ዋጋ አለው፤ አልቃወመውም። የምቃወመው ዋጋውን ለአበባው መስጠትን ነው። ትኩስ ነገር መጠጣት፣ መብራት መቀነስ፣ ስልክ ማስቀመጥ ደስ የሚል የማታ ልማድ ነው። በሙቅ ውኃና በማር የሚሆነውን በውድ ሳጥን መግዛት ግን አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ስል ብዙውን ጊዜ የሚገጥመኝ መልስ «እሺ፣ ባይሠራስ ምን ይጎዳል?» ነው። ይጎዳል። አንደኛው ጉዳት እምብዛም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ከባድ ነው። በ2006 የካናዳ የሕክምና መጽሔት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስድ የነበረች የ70 ዓመት ሴት ታሪክ አውጥቷል። ሰውነቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ገባች፤ ለጉንፋንና ለእግሯ እብጠት ብላ የካሞማይል ሻይና የካሞማይል ቅባት ታበዛ ነበር። የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ቢሆንም ዋርፋሪን የሚወስዱ የልብ ሕሙማን በየቤታችን አሉ፤ ሐኪማቸው «ሌላ መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ሲላቸው ሻዩን አይቆጥሩትም። ቫሌሪያንም ከእንቅልፍ ክኒን ወይም ከአልኮል ጋር ሲደረብ ድብታን ያባብሳል። አበባ የሚያስነጥሳቸው፣ አለርጂ ያለባቸው ሰዎችም ከካሞማይል መጠንቀቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ጉዳት ግን የየዕለት ነው። አንዲት እናት መጥታ «ልጄ፣ ያ የእንቅልፍ ሻይ ሌላ ዓይነት የለም? ይኼኛው ተለመደብኝ መሰለኝ» አለችኝ። ማታ ምን ትጠጫለሽ አልኳት። ከመግሪብ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ትጠጣለች፤ ከዚያ ለመተኛት ካሞማይል። ካፌይን ከደም ውስጥ እስኪጋመስ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ውስጥ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የወሰዱ ሰዎች እንኳ እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ካሞማይል ከላይ ባየናቸው ጥናቶች ይህን ያህል እንቅልፍ ሲጨምር አልታየም። «እናቴ፣ ቡናውን ወደ ከሰዓት አምጪው፤ ሻዩን ተዪው» አልኳት። ሻይ ፈልጋ ስለመጣች ቅር አላት። ሳጥኑ እስካለ ድረስ ስለ ቡናው የሚጠይቃት አልነበረም፤ የሚያንኮራፋና እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆም ባል ቢኖራትም፣ የሚያስጨንቃት ሐዘን ቢኖርም፣ ሳጥኑ ሁሉንም ይሸፍነው ነበር።

ሦስተኛው ጉዳት የሚሠራውን ሕክምና ማዘግየት ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት መሰጠት ያለበት የባህርይና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው ብሏል። የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር መመሪያም ይህንኑ ያስቀድማል፤ ዕፆችንም አይመክርም። በአገራችን ይህን ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ዋናው ክፍሉ ግን እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል።

አንድ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሣል እንበል፤ አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲመዘግብ ግን በእርግጥ የተኛው ስድስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ የቀረው መገላበጥ ነው። አልጋው ላይ ካሳለፈው ጊዜ እንቅልፍ የሆነው 67 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ሕክምናው ቶሎ ተኛ አይለውም፤ ተቃራኒውን ይለዋል። ለአልጋ የሚፈቀድለት ጊዜ ወደ ስድስት ሰዓት ያጥራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር፣ ይነሣል፤ ማታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አልጋ ላይ አይወጣም። ቀን አይተኛም። ሌሊት ነቅቶ እንቅልፍ እምቢ ካለው ተነሥቶ ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ ሲያንቀላፋው ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል። ግን ድካሙ ይጠራቀምና እንቅልፉን ያጠብቅለታል። በሳምንቱ መጨረሻ ከስድስቱ ሰዓት አምስት ተኩሉን ተኝቶ ከሆነ 92 በመቶ ነው፤ ያኔ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ላይ መተኛት ይችላል። ከ85 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ 15 ደቂቃ ይቀነሳል። እንዲህ በየሳምንቱ እየተሰላ ይቀጥላል። ለአልጋ የሚፈቀደው ጊዜ ከአምስት ሰዓት በታች አይወርድም።

ይህ ለሁሉም አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም እንዳይሞክረው፤ እንቅልፍ ማነስ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ሌሊት የሚያሽከረክሩ የጭነት መኪና ሾፌሮችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሪ ላይ የማንቀላፋት አደጋ አለባቸው። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆምና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚደፋው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው የመኝታ ሰዓት ማስተካከል ሳይሆን የአተነፋፈስ ምርመራ ነው። ለቀሩት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በሚወስድ ሥራ የሚገኘው ለውጥ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም ጸንቶ እንደሚቆይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ሕክምና በሳጥን ታሽጎ ስለማይሸጥ እንደ ሻዩ ማስታወቂያ የለውም፤ ስለዚህ ከቆጣሪው ጀርባ ያለነው እኛ ሳጥን በጠየቁን ቁጥር ልንነግራቸው ይገባል፣ ሳጥኑ ባይሸጥልንም።